ስደበኝ እንጂ፣ ሽኩር

ቀልድ ያድናል ይላሉ። አያድንም። በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው አይሸነፍም ይላሉ። ይሸነፋል፤ ያውም ዙሪያውን የቆመው ሰው ሆዱን ይዞ እየሳቀለት። ይህን የምለው ቀልድ ስለምጠላ አይደለም። ያሳደገኝ የቀልድ ባለሙያ ነው፤ ሙያውንም ከነብልሃቱ አስተምሮኛል። የማውቀውን ነው የምናገረው።

ባለፈው ሰሞን የእናቴን አሮጌ ሣጥን ሳራግፍ፣ ከሥር በእራፊ ጨርቅ የተጠቀለለ የጆንያ መርፌ አገኘሁ። የጆንያ መርፌ የልብስ መርፌ አይምሰላችሁ። ከመዳፍ ይረዝማል፣ ጫፉ ጠፍጠፍና ጎበጥ ያለ ነው፣ በቀዳዳው ሲባጎ ያልፋል። ይሄኛው ዝጓል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከዝገት በቀር ምንም ሽታ አልነበረውም፤ እኔን ግን የጤፍ ብናኝ፣ የናፍጣና የቃጫ ጠረን አወደኝ። ሣጥኑን ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አብነት ነበር፤ አባቴ ተካ ደግሞ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ከሚባለው የእህል ገበያ ጆንያ ይሰፋ ነበር። ደርግ ወርዶ፣ የእህል ኬላው ተነስቶ፣ ከጎጃምም ከአርሲም ከባሌም መኪና እንደ ልቡ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ጆንያ ሲራገፍ ይቀደዳል፣ ሲመዘን አፉ ይፈታል፣ ሲገለበጥ ስፌቱ ይተረተራል። ያንን ሁሉ የሚዘጋው አባቴ ነው። ባዶ ጆንያ አንጥፎ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፤ እጁ ሲሰፋ አፉ ያወራል። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ እናቴ በሰሃን የቋጠረችለትን ቆጮና ጎመን ይዤለት እሄድና እሱ በልቶ እስኪጨርስ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የቸኮልኩ መስዬ አላውቅም፤ ምክንያቱም የምሳ ሰዓት የተረብ ሰዓት ነበር።

ስለ ተረብ የአሁን ልጆች የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ተረብ ስድብ አይደለም። ስድብ ለሁለት ሰው ነው፤ ተረብ ግን ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛው ደግሞ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሳቅ ነው። እህል በረንዳ የተረብ ንጉሥ አባቴ፣ ተፋላሚው ጋሼ ሽኩር ነበሩ። ጋሼ ሽኩር የወዛደሮቹ አለቃ ነው፤ ኩንታል እንደ ትራስ አንስቶ ትከሻው ላይ ያስቀምጣል፤ ጀርባው በር ይሞላል። አባቴ ከድሮም ቀጭን ነበር። ስለዚህ ስድቡ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነበር የሚመጣው።

«አንተ ተካ፣» ይላል ጋሼ ሽኩር አንድ ቀን፣ ላቡን በሻሹ እየጠረገ፣ «ሰው ነህ ክር? ወላሂ ከሲባጎህ ለይቼ ማየት አቃተኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልተቆጣም፤ አልሳቀምም። መርፌውን አስቀመጠ።

«ክር ነኝ እንጂ ሽኩር፣» አለ ቀስ ብሎ። «ይኸውልህ፣ ትናንት እዚሁ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አንዱ መጥቶ በመርፌ ቀዳዳ አሳልፎ ሰፋብኝ። ስነቃ ከወገቤ በታች የለሁም።»

«የት ሄደ?» አለ አንዱ ወዛደር፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት።

«ድሬዳዋ ተጭኗል። በስንዴ ጆንያ አፍ ላይ። እግሬ አሁን ሙቀት ላይ ነው፤ እዚህ ሆኜ ያልበኛል።» ከዚያ ወደ ጋሼ ሽኩር ዞረ። «የቀረሁት ደግሞ ጠዋት አንተ በተሸከምከው ጆንያ ላይ ነኝ። አንተ ሰውዬ፣ ጓደኛህን ተሸክመህ ስታወርድ ወርውረህ ነው እንዴ? አንገቴን ነው እኮ የሰበርከው!»

ጋሼ ሽኩር ራሱ ሳቀ፤ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሳቁ እስከ ሶማሌ ተራ ሳይሰማ አይቀርም። አባቴ መርፌውን አንስቶ ስፌቱን ቀጠለ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ያን ፊት ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ልጅ ነበርኩና አባቴ በዓለም ላይ የማይነካ ብቸኛ ሰው መሰለኝ።

ሙያውን እኔ የተማርኩት በችግር ነው። የደብተር መያዣዬን አባቴ ከደህና ጆንያ ቆርጦ ሰፍቶልኝ ነበር፤ ማንጠልጠያውን በድርብ ሲባጎ አጠንክሮ፣ ጥግ ጥጉን አጥፎ። እኔ በጣም ነበር የምወደው፤ ክፍላችን ውስጥ ሰሚራ የምትባል ልጅ እስክታየው ድረስ። ሰሚራ አፏ ስለት ነው። በእረፍት ሰዓት፣ በጨርቅ ኳስ ፔፕሲ ስንጫወት፣ ሁሉም እየሰማ «የጆንያ ልጅ!» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረ፤ ሰብለ የሚለኝ ጠፋ፤ የጆንያ ልጅ ሆንኩ። መያዣዬን በሹራቤ መሸፈን ጀመርኩ።

አባቴ አየ። ማታ ራት ከበላን በኋላ «ማን ነው ሹራብሽን ያስወለቀሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ በራ። ሥራ እንደመጣለት ሰው ወደ እኔ ተጠጋ።

«ምን አልሻት?»

«አይደለሁም አልኳት።»

«ተበላሽ» አለ። «አይደለሁም ያለ ሰው መከላከል ጀመረ ማለት ነው። ስድቡን አክብረሽ ተቀበልሻት። ሌላ ሞክሪ።»

አሰብኩ። «የአንቺ ቀሚስ ደግሞ መጋረጃ ነው እላታለሁ።»

«ይሄ ድንጋይ መመለስ ነው። እሷ ወረወረች፣ አንቺ ወረወርሽ፤ ሰዉ ምን ያያል? ሁለት ልጆች ሲጣሉ ያያል። ስሚኝ፣ መጀመሪያ ልክ ነሽ በያት። እሷ የጠበቀችው እንድታለቅሺ ወይ እንድትሳደቢ ነው። ልክ ነሽ ስትያት እግሯ ሥር ያለው መሬት ይሸሻል። ስድቡን ከእጇ ወሰድሽባት። ካሁን ወዲያ የአንቺ ነው። የራስሽ ከሆነ ደግሞ የፈለግሽውን ታደርጊበታለሽ።»

«እሺ። ልክ ነሽ፣ የጆንያ ልጅ ነኝ፤ በጣም በጣም ትልቅ ጆንያ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «በጣም ማለት ምን ይታያል? ምንም። እኔ የሚታይ ነገር ነው የምፈልገው። የጆንያ ልጅ አለችሽ አይደል? እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ከጆንያ የተወለደ ሰው ምን ይሆናል? እንዴት ነው የመጣሽው?»

«በጭነት መኪና።»

«ጎሽ! ከየት?»

«ከባሌ። ከስንዴ ጋር።»

«እሺ፣ እህል በረንዳ ደረስሽ። ከዚያስ? ጆንያ ሲራገፍ ምን ያደርጉታል?»

«ባስኩላ ላይ ያወጡታል!» ብዬ ጮህኩ፤ እናቴ ከጓዳ ዞራ አየችን። ባስኩላ ያ እህል የሚመዘንበት፣ ከሥር መቆሚያ ከላይ የብረት ክንድ ያለው ትልቁ ሚዛን ነው።

«አየሽ፣ እያንዳንዱ ነገር ካለፈው ነው የሚወጣው። እንደ ስፌት ነው፤ አንዱን ሳትስቢ ሌላውን አትወጊም። ካንዱ ዘለሽ ሌላ ቦታ ከሄድሽ ይተረተራል። አሁን የመጨረሻው ቀረ። እስካሁን ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰሚራን አስገቢያት። አታሳድጃት፤ በሩን ክፈችላትና ራሷ ትግባ። ሚዛን ላይ ወጣሽ፤ ኪሎሽ ጎደለ፤ ገዢው ተቆጣ። ሻጭ ገዢ ሲቆጣበት ምን ያደርጋል?»

መርካቶ ላደገ ልጅ ይህ ጥያቄ አይደለም። «ይመርቅለታል» አልኩ፤ የገዛኸው ላይ የሚጨመር ነገር፣ ምርቃት። ነገሩ ገብቶኝ በሳቅ ፈነዳሁ።

«አትሳቂ!» አለ አባቴ። «የምትናገሪው አንቺ ከሳቅሽ ሰዉ ምን ሥራ ቀረው? ደረቅ ሁኚ። ሳቁ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቃል አትጨምሪ፤ ጆንያው ከሞላ በኋላ የሚጨምር ሰው ያፈሰዋል።»

ከዚያ ያኔ ያልገባኝን ነገር ጨመረ። «አንድ ነገር እንዳትረሺ። ከእውነቱ ራቂ። በጣም ራቂ። ቃልሽና እውነቱ መሃል ቦታ ከሌለ ሰው ያዝናል፤ ያዘነ ሰው አይስቅም።»

በማግስቱ ሰሚራ «የጆንያ ልጅ መጣች» ስትል ሹራቤን ከመያዣዬ ላይ አነሳሁ። «ልክ ነሽ» አልኩ። «ከጆንያ ነው የተወለድኩት። ከባሌ ስንዴ ጋር በጭነት መኪና መጣሁ። እህል በረንዳ አራግፈው ባስኩላ ላይ ሲያወጡኝ ኪሎዬ ጎደለ። ገዢው አልወስድም ብሎ ሲቆጣ ጊዜ አንቺን ምርቃት ጨመሩለት። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ሁለታችንንም ፈትቶ አየና እኔን አስቀርቶ ምርቃቱን መለሰ።»

ከዚያ ግቢው ተናጋ። ሰሚራ ራሷ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ጎን ለጎን መቀመጥ ጀመርን፤ እኔ እሷን «ምርቃቴ» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ የጆንያ መያዣዬን ተሸክማልኝ ትሄዳለች። አባቴን ሳገኘው ሮጬ ነገርኩት። መርፌውን አስቀምጦ እጄን ጨበጠኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም፤ አንባቢ የሚያጨበጭብልኝን ሁሉ ጨምሬ።

እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ደስ የሚል ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚያቆሙት።

አባቴ ማሳል የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እህል በረንዳ ሁሉም ያስላል። የጤፍ ብናኝ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው በአየር ላይ ወርቅ ይመስላል፤ ማታ በመሐረብ ላይ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሲያስል «ብናኙ ነው» ይላል፤ እኛም ብናኙ ነው እንላለን። ቀበቶው ላይ ግን በመርፌው አዲስ ቀዳዳ በሳ። ቆይቶ ሌላ በሳ። እናቴ ናት መጀመሪያ የተናገረችው።

«ተካ፣ እየከሳህ ነው። ጤና ጣቢያ ሂድ።»

«ከሳሁ? ገና አሁን አየሽኝ? እኔማ ባለፈው ጠዋት ካንቺ ጎን ሳልነሳ አንሶላውን ነው ያጠፍሽው፤ እኔ ውስጡ ነበርኩ። አጥፈሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽኝ።»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችው።

«እኔ መቼ ደበቅኩ?» አላት። «አደባባይ ላይ አይደል እንዴ የማወራው?»

እውነቱን ነበር። ይህን ተረት ስሰማ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አባቴ በሽታውን አልደበቀም። በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሰብስቦ ይናገረው ነበር። የተደበቀውም በመናገሩ ነው።

እናቴ ቤት ውስጥ ስትለምነውም፣ እህል በረንዳ ሰዉ ሲያየውም፣ መልሱ አንድ ዓይነት ነበር። ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ እኔም ከጆንያው ላይ ሆኜ አየሁት። ጋሼ ሽኩር ዝም አለ። ክር ማለት ተወ። ምሳውን ራቅ ብሎ መብላት ጀመረ፤ አባቴ ሲያስል ቀና ይልና መልሶ ያቀረቅራል። ሌሎቹም እሱን አይተው ዝም አሉ። አባቴ መርፌውን ይዞ ይጠብቃል፤ የሚወረወርለት ነገር የለም። ያለ ስድብ ምን ይገነባል? የእሱ ሙያ የሌላ ሰው መጀመሪያ ይፈልጋል።

አንድ ቀን አልቻለም። «ሽኩር፣» አለው፣ «ምነው ሰሞኑን? ተጣላን እንዴ?»

«ምን ያጣላናል ወንድሜ።»

«ታዲያ ስደበኝ እንጂ።»

ጋሼ ሽኩር መሬት መሬት አየ። «ዛሬስ ደክሞኛል ተካ።»

«ስደበኝ እንጂ፣ ሽኩር» አለ አባቴ ደግሞ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ልጅ ሆኜ ስም አላወጣሁለትም። አሁን አውቀዋለሁ። ልመና ነበር። የሚሰድብህ ሰው ገና ጤነኛ ነው ብሎ ያስብሃል። ሰው መስደብ ሲያቆም ፈርዶብሃል።

ጋሼ ሽኩር ብዙ ያሰበ ይመስለኛል። ከተረብ ውጭ አፈኛ አልነበረም፤ ሐኪም ቤት ሂድ ብሎ ፊት ለፊት መናገር አልቻለበትም፤ በእነሱ መሃል እንደዚያ አይነጋገሩም ነበር። በሚያውቁት ቋንቋ ነው ሊነግረው የፈለገው። በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ድንገት ተነሳና ጮክ ብሎ «ተካ! አንተ ባስኩላ ላይ ብትወጣ ክንዱ ንቅንቅ አይልም!» አለ።

የአባቴ ፊት በራ። ሰዉም ተነቃቃ፤ ስንት ቀን የራበው ሳቅ ነው።

«ልክ ነህ» አለ አባቴ። ሌላ ምን ይላል? ደንቡ ይሄው ነው፤ አይደለም አይባልም። «እንዲያውም ክንዱ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እኔ ስወጣበት ሚዛኑ ይቀልለዋል።»

«ውጣና አሳየን!» አለ ጋሼ ሽኩር።

አባቴ ተነሳ። ባስኩላው በሩ አጠገብ ነበር፤ ከጎኑ ተመዝኖ ገና ያልተጫነ የፉርሽካ ጆንያ ቆሟል። ጫማውን አወለቀ፣ ለቀልዱ፤ «እሱም ክብደት ነው» ብሎ። ወጣ። እጁን በደረቱ ላይ አጣምሮ እንደ ጆንያ ቀጥ አለ። ሰዉ ይስቃል። ጋሼ ሽኩር በክንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተውን ድፍን ብረት ለሰው ልክ ከሚሆንበት ቦታ አስቀመጠው። ክንዱ አልተነሳም። ብረቱን ወደ ኋላ ገፋው። አልተነሳም። ሰዉ ይስቃል። ደግሞ ገፋው። አሁን የሚስቁት ቀነሱ። ደግሞ ገፋው፤ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣቱ፣ እንደሚፈራ ሰው። ክንዱ ብድግ ያለው ብረቱ የፉርሽካው ጆንያ የተመዘነበትን ቦታ አልፎ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው።

ፉርሽካ የስንዴ ልጣጭ ነው፤ እንደ ገለባ ይቀላል። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ በእጁ የሚያውቀው ክብደት ነው።

ዝም ተባለ። ያን ዝምታ የሰማሁት እኔም ነኝ፤ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ይሰማ ነበር። አባቴ ክንዱን አየው። ቃሉ እና እውነቱ መሃል የነበረው ቦታ፣ ማታ እየተቀመጠ ያስተማረኝ ያ ቦታ፣ አልቆ ነበር። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «ተካ፣ ና፣ አሁን እንሂድ» ቢለው የሚሄድ ይመስለኛል። ጋሼ ሽኩር አፉን ከፈተ።

አባቴ ቀደመው። «አያችሁ!» አለ፣ ከላይ ሆኖ፣ ጣቱን በባስኩላው ላይ ቀስሮ። «በዚህ ሌባ ሚዛን ነው ለካ አገሩን የምትበሉት! ሰው አውጥቶ ፉርሽካ ይላል! እኔን እንዲህ ካደረገ የገበሬውን ጤፍ ምን ሲያደርገው ኖሯል?»

ሰዉ በሳቅ ተገለበጠ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባ ያወጡ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ከሚዛን ሌባ በላይ እህል በረንዳን የሚያስቅ ነገር የለም፤ ደግሞም ሁሉም ከዚያ ዝምታ የሚወጡበትን በር ሲፈልጉ ነበር፤ እሱ ከፈተላቸው። ጋሼ ሽኩርም ሳቀ። የከፈተውን አፍ በሳቅ ዘጋው። አባቴ ጫማውን አደረገ፣ ተቀመጠ፣ መርፌውን አነሳ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ያ ፊት ለካ የማይነካ ሰው አላደረገውም ነበር፤ የማይጠየቅ ሰው ነው ያደረገው።

ጤና ጣቢያ የሄደው መቆም ሲያቅተው ነው። እናቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘነው ገባን። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ነርስ ወጣት ናት፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ፊቷ ደክሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልዎት?»

«እኔ አላስልም እህቴ» አላት። «እኔ ክር ነኝ። ነፋስ ሲያልፍብኝ ነው ድምፅ የማሰማው።»

እኔ ከልማዴ ፈገግ አልኩ። ነርሷ ከወረቀቷ ላይ ቀና እንኳ አላለችም። አልተቆጣችም፣ አልናቀችውም፣ አልሳቀችም።

«እሺ» አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

አባቴ አያት። ስድብ ቢሆን ኖሮ ያውቅበታል። ቁጣ ቢሆን ያውቅበታል። ይሄ ግን ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄን ልክ ነሽ ብለው አይቀበሉትም፣ ወደ ድሬዳዋም አይጭኑትም። መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

«ደም አለው?» አለችው።

«አዎ» አለ።

ጠበቅኩ። አባቴ አዎ ብሎ አቁሞ አያውቅም፤ አዎ ለእሱ መጀመሪያ ነበር። ምንም አልጨመረም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

የሳንባ ነቀርሳ ነበር። መድኃኒቱም እዚያው፣ ግድግዳው ኋላ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር። ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒት የሚሠራው የሚሠራበት ሳንባ ሲያገኝ ነው፤ ያንን ሐኪሙ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ አላት። ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ሞተ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰዎች የእሱን ተረቦች ያወራሉ። እግሩ ድሬዳዋ የሄደውን፣ አንሶላው ውስጥ የታጠፈውን፣ ሌባውን ሚዛን። አልቃሹ ሁሉ ይስቃል። «ተካ እስከ መጨረሻው አልተሸነፈም» አለ አንዱ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ጋሼ ሽኩር ከድንኳኑ ውጭ በድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ቆምኩ።

«እያየሁት ነበር፣ ልጄ» አለኝ፣ ሳያየኝ። «ወላሂ እያየሁት ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እመጣለሁ። ሲያስቀኝ እረሳዋለሁ።»

አባቴን ምን እንደገደለው ከዚያ የተሻለ የምርመራ ውጤት ሰምቼ አላውቅም።

ያኔ ቢያንስ ተረቡ ሰዓት ነበረው፤ ምሳ ላይ ተጀምሮ መኪና ሲመጣ ያበቃል። ሰው ሲከሳ በዓይን ይታይ ነበር፤ ባስኩላም ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ በራሱ ይቀልዳል። ስለ ባዶ ኪሱ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መኖር ስለማስጠላቱ፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረደራል፤ የሳቁትም ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሙያው ተስፋፋ። አባቴ አንድ በረንዳ ነበር የሚያስቀው፤ አሁን አገር ነው እንዲህ የሚስቀው።

እኔም አልተውኩትም። በቀደም የወዳጄን ቢሮ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ አጠረና ግድግዳ ተደገፍኩ። «አረጀሽ እኮ!» አለኝ ወዳጄ። አፌ ከእኔ ቀደመ። «አረጀሁ እንጂ፤ ይሄን ፎቅ ሲሠሩት አሸዋ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም አርጅታለች ብለው አባርረውኛል፤ ያባረረኝም አያትህ ነው።» ደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጄም ሳቀ። እኔ ደረቅ ፊቴን ይዤ ቀሪውን ደረጃ ወጣሁ። ለምን ትንፋሽ እንዳጠረኝ የጠየቀ የለም። እኔም አልነገርኩም።

መርፌው አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናንተ እያልኩ አላሽሞነሙንህም፤ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። ማንም ሳይሰድበው ቀድሞ ራሱን የሚሰድብ፣ ሲከሳም ሲቸገርም የሚያስቅህ ሰው ታውቃለህ። አሁን ስሙ መጥቶልሃል። ዛሬ ሂድና ምን ሆነህ ነው በለው። ይቀልድብሃል፤ ቀልዱም ጥሩ ይሆናል። አትሳቅ። «እሺ፣ ከመቼ ጀምሮ?» በለው።